የንግግር ማስታወሻ፦ አንገት ሳያስቀረቅር የሚያስታውስ ካርድ እንዴት ይጻፋል?

የንግግር ማስታወሻ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ሰው የሚናገረውን ከ«ጤና ይስጥልኝ» እስከ «አመሰግናለሁ» ቃል በቃል ይጽፍና መድረክ ላይ ሲወጣ አቀርቅሮ ያነባል፤ ቀና ብሎ ሲመለስ ያለበት መስመር ይጠፋዋል። ይህን የፈራው ደግሞ «መግቢያ፣ ችግሩ፣ መፍትሔው» የሚል ወረቀት ይዞ ይቆማል፤ ቃሉን ያየዋል፣ ምን ሊል እንደነበር ግን አይመጣለትም።

ሁለቱም ስህተት የሚነሣው ከአንድ ቦታ ነው። ማስታወሻው የተጻፈው ንግግሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነገር ነው። የት ላይ እንደሚጠፋን ሳናውቅ ስለምንጽፍ ወይ ሁሉንም እንጽፋለን፣ ወይ የማይረዳንን። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከለመዱት የተገለበጠ ይመስላል፤ መናገሩ ይቀድማል፣ መጻፉ ይከተላል።

መመሪያው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ለሚፈጅ ገለጻ ነው። የአቋም መግለጫ ወይም ሕጋዊ ተጠያቂነት የሚያስከትል ማስታወቂያ ከሆነ ግን ይህን ይተዉት፤ ጽሑፉን ይዘው ያንብቡ። እስከ መጨረሻው የምንጠቀምበት ምሳሌ አንድ ነው፦ አንድ ሠራተኛ ለባልደረቦቹ ስለ ፋይል መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) የሚያደርገው የ10 ደቂቃ ገለጻ።

## ከመጀመርዎ በፊት

ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ ሁለት ቀለም ያላቸው ወፍራም እስክሪብቶዎች እና ጠንከር ያለ ወረቀት ያዘጋጁ። ወረቀቱን የኤ4 ሩብ በሚያህል መጠን ይቁረጡት፤ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሙሉ ወረቀት አይያዙ። እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ሙሉ ወረቀት ይርገበገባል፣ ድምፁም በማይክሮፎን ይሰማል። በዚያ ላይ ሰፊ ቦታ ሲያዩ መሙላት ያምርዎታል።

ከንግግሩ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድመው ይጀምሩ። ካርዱን በጻፉበትና በሚፈትኑበት ሰዓት መካከል አንድ ሌሊት ማለፍ አለበት፤ ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ያገኙታል።

## ደረጃ 1፦ ሳይጽፉ ይናገሩ

በቁራጭ ወረቀት ላይ የሚያነሷቸውን ነጥቦች በየመስመሩ ያስቀምጡ። ለ10 ደቂቃ አራት ነጥብ ይበቃል፣ አምስት ካለፈ አንዱን ያውጡ። ከዚያ ቆመው መቅጃውን ይክፈቱና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገሩ።

ሲደናቀፉ አያቁሙ፣ ከመጀመሪያም አይድገሙ። ዝምታውም፣ መንተባተቡም ይቀዳ። የምንፈልገው እሱን ነው። 10 ደቂቃ ያሰቡት ንግግር በአራት ደቂቃ ቢያልቅ አይደንግጡ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ነገር ይዘለላል። 20 ደቂቃ ከፈጀ ግን ነጥብ ይቀንሱ። ፈጥኖ መናገር መፍትሔ አይሆንም።

ካልሆነልዎ፦ ብቻን መናገር አሳፍሮዎ ከተቋረጠ አንድ ሰው ያስቀምጡና ለእሱ ያስረዱ። ሰውየው አስተያየት እንዳይሰጥ አስቀድመው ይንገሩት፤ በየመሃሉ የሚያርምዎ ከሆነ ንግግሩ ወደ ጨዋታ ይለወጥና የሚጠፋብዎ ቦታ ሳይታወቅ ያልፋል።

## ደረጃ 2፦ የሚጠፋብዎን ቦታ ይፈልጉ

ቅጂውን ከፍተው እያዳመጡ የሚከተሉትን ሲሰሙ ደቂቃውን ይመዝግቡ።

- ረጅም ዝምታ፣ ወይም «እ…»፣ «ምን ነበር…» የሚል መሙያ፤
- የተናገሩትን በሌላ ቃል መልሰው ሲደግሙት (የሚቀጥለው ስላልመጣልዎ ነው)፤
- የተሳሳተ ቁጥር ወይም ስም፤
- ተጀምሮ ያልተዘጋ ዓረፍተ ነገር።

በምሳሌያችን ሠራተኛው ፎቶ የጠፋበትን ሰው ታሪክ ያለ ምንም ችግር ይተርካል። ታሪክ በራሱ ጉልበት ይሄዳል፤ አንዱ ክስተት ሌላውን ይጎትታል። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ግን ወደ ደንቡ መሻገር ያቅተውና ታሪኩን ባጭሩ ይደግማል። ደንቡን ሲናገር ሁለቱን ክፍል ብሎ ሦስተኛውን ይረሳል። መጨረሻ ላይ «እና እንግዲህ… ይኸው ነው» ብሎ ያቆማል።

ማስታወሻ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ሦስት ቦታዎች ነው። ለታሪኩ አንድ ቃል ይበቃዋል። ያለ ችግር የሚፈስሰውን ክፍል ደግመው ከጻፉት እያወቁት ማንበብ ይጀምራሉ፤ ዓይን የተጻፈ ነገር ካየ አፍ ይከተለዋል።

## ደረጃ 3፦ መለያ ሳይሆን መንጠቆ ይጻፉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ሠራተኛው በቅጂው ላይ እንዲህ ብሏል እንበል፦

> «ብዙዎቻችን ፎቶውን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ከገለበጥን ባክአፕ ያለን ይመስለናል። ግን ምን እናደርጋለን? ስልኩ ሞላ ብለን ከስልኩ ላይ እናጠፋዋለን። እንግዲህ ፋይሉ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተባዛም። አሁንም ያለን አንድ ብቻ ነው። ደንቡ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ ይላል፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።»

ሰው ይህን ወደ ካርድ ሲያሳጥር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጽፈዋል፦

> - የባክአፕ ምንነት
> - የተሳሳተ ግንዛቤ
> - የ3-2-1 ደንብ

እነዚህ መለያዎች ናቸው። ርዕሱን ይነግሩዎታል፣ ስለ ርዕሱ ምን እንደሚሉ ግን አይነግሩዎትም። «የተሳሳተ ግንዛቤ» የሚለውን መድረክ ላይ ሲያዩ አእምሮዎ «የቱ ግንዛቤ?» ብሎ ይጠይቅና ፍለጋ ይጀምራል። የዝምታው ምንጭ ይህ ነው።

መንጠቆ ግን ሐሳቡን ራሱን ይዞ ይወጣል፦

> - ገለበጠ… አጠፋ! → ቦታ ቀየረ እንጂ አልተባዛም
> - 3 ቅጂ / 2 ዓይነት / 1 ሌላ ቦታ ይቀመጥ

መንጠቆ ለመሥራት ሁለት ነገር ያድርጉ።

ግሱን ያስገቡ። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻውን ሳያውቅ የጀመረ ሰው «ገልብጦ፣ ሰርዞ፣ ከዚያም ስልኩን ሸጦ፣ እና ደግሞ…» እያለ ይቀጥላል እንጂ ማሰሪያውን አያገኘውም። ካርዱ ላይ «የቅጂው ቦታ» ብለው ከጻፉ ቅጂው ይቀመጥ ይሁን፣ ይቀየር ይሁን፣ ይጥፋ አይታወቅም። «ሌላ ቦታ ይቀመጥ» ብለው ከጻፉ ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚያርፍበት ታውቋል፤ ከፊቱ የሚመጣውን በቦታው ይፈጥሩታል። ማሰሪያ ግስ የሌለው ካርድ ሲያጋጥምዎ ይጠርጥሩት። ይህ የማይመለከተው የቁጥርና የስም ዝርዝርን ነው።

በራስዎ አፍ የወጣውን ቃል ይውሰዱ። ቅጂው ላይ «ገለበጠ» ብለው ከነበረ ካርዱ ላይ «ቅጂ የማዘጋጀት ሂደት» ብለው አያሳምሩት። ያማረው ቃል የጽሕፈት ቃል ስለሆነ ሲያዩት መልሰው መተርጎም ይኖርብዎታል።

ርዝመቱ ስንት ይሁን? አንድ መንጠቆ ከስድስት ቃል ካለፈ ወደ ዓረፍተ ነገር እየተለወጠ ነውና ይጠንቀቁ። በአንድ ካርድ ላይ ደግሞ ከአራት መስመር አይለፉ። አራት መስመር በአንድ እይታ ይያዛል፣ ስድስትና ሰባት ግን ጣት እየነኩ መፈለግን ያስከትላል።

## ደረጃ 4፦ በሙሉ የሚጻፉትን ይለዩ

ቃል በቃል የሚጻፉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ከእነዚህና ደረጃ 5 ላይ ከምናያቸው መሸጋገሪያ ጥያቄዎች ውጭ ረጅም ዓረፍተ ነገር ካርድ ላይ አይግባ።

*የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር።* ልብ የሚመታው ያኔ ነው። ይጻፉት፣ ግን ሳያዩ ለመናገር ይለማመዱት።

*የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር።* ካልተጻፈ «ይኸው ነው» ይሆናል። ለምሳሌያችን፦ «ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ፋይል ከባክአፕ ላይ መልሳችሁ ክፈቱ።»

*ቁጥር፣ ስም እና ጥቅስ።* እነዚህን አእምሮ ይለዋውጣቸዋል። የሰው ስም ሲጽፉ ከነማዕረጉ ይጻፉት። ጥቅስ ከሁለት መስመር ከበለጠ በተለየ ካርድ ያኑሩትና መድረክ ላይ በግልጽ ካርዱን አንሥተው ያንብቡት። ጥቅስን አይቶ ማንበብ ነውር የለበትም፣ አድማጩም ይጠብቀዋል።

## ደረጃ 5፦ መሸጋገሪያውን ይጻፉ፣ ከዚያ ካርዱን ያደራጁ

ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቃል ብዙ ጊዜ ካርድ ላይ አይጻፍም፤ ደረጃ 2 ላይ ከመዘገቧቸው ዝምታዎች ግን አብዛኞቹ እዚያ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም። መሸጋገሪያን በጥያቄ መልክ ይጻፉት። ጥያቄ መልሱን ያስከትላል፤ መልሱ የሚቀጥለው ካርድ ነው።

የጥያቄው ቦታ በካርዱ *ግርጌ* ነው። በሚቀጥለው ካርድ አናት ላይ ከጻፉት፣ ካርዱን እያገላበጡ ሳለ የሚሉት አይኖርዎትም። ግርጌ ላይ ካለ ግን ጥያቄውን እየጠየቁ ይገለብጣሉ፤ ዝምታው የአድማጩ ማሰቢያ ይሆናል።

የምሳሌያችን ሁለት ካርዶች ሲጠናቀቁ ይህን ይመስላሉ፦

> ካርድ 2
> ፎቶ የጠፋበት ሰው
> ገለበጠ… አጠፋ! → ቦታ ቀየረ እንጂ አልተባዛም
> 3 ቅጂ / 2 ዓይነት / 1 ሌላ ቦታ ይቀመጥ
> *↓ «ስልኬ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጥልኝ የለ?»*

> ካርድ 3 (5 ደቂቃ)
> ማመሳሰል ≠ ባክአፕ፦ እዚህ ስታጠፋ እዚያም ይጠፋል
> [ ሌባ ኮምፒውተሩንም ሃርድ ዲስኩንም ወሰደ ]
> *↓ «ቅጂው መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?»*

ካርድ 2 ላይ ታሪኩ «ፎቶ የጠፋበት ሰው» ተብሎ ብቻ ታልፏል፤ ማሰሪያ ግስ እንኳ አልተጨመረለትም፣ ምክንያቱም ቅጂው ላይ ያለ ችግር ፈስሷል። ካርድ 3 ላይ ያለው «5 ደቂቃ» እዚያ ሲደርሱ ማለፍ ያለበት ጊዜ ነው። በቅንፍ የታጠረው መስመር ደግሞ ሰዓት ካጠረ የሚዘለል ነው። ምን እንደሚዘለል ቤትዎ ሆነው ካልወሰኑ መድረክ ላይ የሚዘሉት መጨረሻውን ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ሊቀር የማይገባው ነው።

ሲጽፉ የሚጠነቀቁለት አንድ ነገር አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም፤ ስለዚህ አጽንኦት የሚታየው በመጠን፣ በመስመርና በቀለም ብቻ ነው። «ለ» እና «ሊ»፣ «በ» እና «ቡ» የሚለዩት ደግሞ በትንሽ ቅጥያ ነው። ደቃቅ አድርገው ከጻፉ ቅጥያዋ ከሩቅ አትታይም፣ «ይቀመጥ» የነበረው «ይቀመጡ» ይመስልዎታል። ካርዱን እጅዎን ዘርግተው ይያዙና ያንብቡት፤ ለማንበብ ዓይንዎን ካጠበቡ አጉልተው እንደገና ይጻፉት። በኮምፒውተር ከጻፉ የፊደሉ መጠን ከ20 ነጥብ በታች አይውረድ።

የሚነገረውን በአንድ ቀለም፣ የሚደረገውን («ስላይድ ቀይር»፣ «ቆም በል») በሌላ ቀለም ይጻፉ። ቀለሙ ካልተለየ «ቆም በል» የሚለውን ለአድማጭ ያነበቡ ተናጋሪዎች አሉ። በካርዱ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ይጻፉ፤ ጥግ ላይ ቁጥር ያኑሩ፤ ጥጉን በስተው በክር ወይም በቀለበት ይሰሩት። ያልታሰረና ቁጥር የሌለው ካርድ ከወደቀ ንግግሩም አብሮ ወድቋል።

ስላይድ ላይ ማስታወሻ የሚጽፉ ከሆነም የአራት መስመሩ ደንብ አይለወጥም። የፓወርፖይንት የማስታወሻ ሳጥን ማለቂያ ስለሌለው ሰው ድርሰት ይጽፍበታል። በተጨማሪም የተናጋሪው ማሳያ ባልተከፈተበት ወይም አንድ ስክሪን ብቻ ባለበት አዳራሽ ማስታወሻው አይታይዎትም። የወረቀት ካርዱ ኪስዎ ውስጥ ይሁን።

## ደረጃ 6፦ በማግስቱ ይፈትኑ

ካርዱን በጻፉበት ቀን ከሞከሩት ሁሉም ቃል ይሠራል። የሚያስታውሱት ከካርዱ አይደለም፣ ገና ከትኩስ አእምሮዎ ነው። አንድ ሌሊት ይለፍበትና በማግስቱ፣ ሳይከልሱ፣ ካርዱን ብቻ ይዘው ቆመው ይናገሩ። እንደገና ይቅዱ።

ከዚያ የሆነውን እንደሚከተለው ያርሙ።

1. ካርዱን አይተው ዝም ካሉ ቃሉ መለያ ነው። ቅጂውን ያዳምጡ፤ ከዝምታው በኋላ በመጨረሻ የመጣልዎ ቃል ምን ነበር? እሱን ይጻፉት፣ የቀድሞውን ይሰርዙ።
2. ካርዱን ካነበቡት በጣም ረዝሟል። ከመስመሩ የመጀመሪያውን አጋማሽ ይቁረጡ፤ ግሱን ያስቀሩ።
3. ካርዱን ሳያዩ ካለፉት ያ መስመር አያስፈልግም። ያውጡት፤ ቁጥርና ስም ከሆነ ግን ይቆይ።
4. ቅደም ተከተሉን ካዛቡ ምናልባት አዲሱ ቅደም ተከተል የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ካዛቡት ካርዱን በአፍዎ ልክ ይለውጡት።

ማረሚያውን በመስመሮች መካከል አይሰነቅሩ። ቀስት፣ ስርዝ እና የጎን ጽሑፍ የበዛበት ካርድ ቤት ውስጥ ግልጽ ነው፣ መድረክ ላይ ግን እንቆቅልሽ ይሆናል። አዲስ ካርድ ይጻፉና አሮጌውን ይቅደዱት፤ ካልቀደዱት ሁለቱ መደባለቃቸው አይቀርም። ካረሙ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ። ከዚያ በላይ መደጋገም ካርዱን በቃል ወደ መያዝ ይወስዳል፣ በቃል የተያዘ ነገር ደግሞ አንድ ቃል ሲጠፋበት የተቀረውም አብሮ ይጠፋል።

## ደረጃ 7፦ መድረክ ላይ

ካርዱን በደረትዎ ከፍታ በአንድ እጅ ይያዙ። ዝም ብለው ይዩ፣ ቀና ይበሉ፣ ከዚያ ይናገሩ። እያዩ አይናገሩ። ለሁለት ሰከንድ ዝም ማለቱ ለእርስዎ ረጅም መስሎ ይሰማዎታል፣ ለአድማጩ ግን ነጥብ ተዘግቶ ሌላ ሊከፈት መሆኑን ብቻ ነው የሚነግረው። የተነገረበትን ካርድ ወዲያው ወደ ኋላ ያዙሩት፤ እጅዎ ላይ ከላይ ያለው ሁልጊዜ አሁን ያሉበት ይሁን።

መስመሩ ከጠፋብዎ የካርዱን ግርጌ ይዩና ጥያቄውን ጠይቀው ይለፉ። የዘለሉት መስመር እንዳለ አድማጩ አያውቅም፤ «አንድ ነገር ረስቼ…» ብለው አይንገሩት።

መሃል ላይ ሰው ጥያቄ ከጠየቀዎ አውራ ጣትዎን ያሉበት መስመር ላይ ያድርጉና ይመልሱ። ጥያቄው የኋላ ካርድ ላይ ያለ ነገር ከሆነ ካርዱን አሁን አይምዘዙ፤ «ደርሼበት እመልሰዋለሁ» ይበሉ።

ሰዓትዎ በግማሽ ከተቆረጠ በቅንፍ የታጠሩትን ሁሉ ይዝለሉ። ያም ካልበቃ ከካርድ 2 በቀጥታ ወደ መጨረሻው ካርድ ይሂዱ። ፈጥነው ሁሉንም ለመጨረስ አይሞክሩ።

## ንግግሩ ነገ ከሆነ

ደረጃ 1ን እና 2ን አይዝለሉ፤ ለ10 ደቂቃ ንግግር ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፉም። የሚዘለለው የቀለሙ ነገር ነው። አሁን አንድ ጊዜ ተናግረው ይቅዱ፣ ያዳምጡ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከመሸጋገሪያ ጥያቄዎቹ ጋር ይጻፉ፣ ይተኙ። ጠዋት ሲነሡ ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ካርዱን ይዘው ይናገሩት፤ የደነቀፈዎትን መስመር ብቻ ይለውጡና ይሂዱ።